«ችግር የለውም» ያልኩባት ቀን

ዱባይ ዴራ ወርቅ ቤት በምሸጥበት ጊዜ ነው፤ የካቲት 2016 አካባቢ። ስድስት ዓመት ሰው ቤት የሠራች ልጅ ገባች። ጠቅልላ ወደ አገሯ ልትመለስ በረራዋ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ሁለት አምባርና አንድ ሐብል መረጠች። 22 ካራት፣ 60 ግራም። የዕለቱ ዋጋ በግራም 228 ድርሃም ነበር፤ 13,680። በግራም 30 ድርሃም የእጅ ዋጋ ሲጨመር 15,480። በዚያ ላይ 5 በመቶ ታክስ፣ 774 ድርሃም። ታክሱን ስታይ ፊቷ ተቀየረ። «ኤርፖርት ይመልሱልኛል አይደል?» አለችኝ። ለቱሪስት ነው እንጂ እዚያው ነዋሪ ለሆነ ሰው አይመለስም።

ያኔ ብልጥ መሆን አማረኝ። «በቀረው ብርሽ ጌጥ ያልሆነ ጥፍጥፍ ወርቅ ውሰጂ» አልኳት። 24 ካራት ጥፍጥፍ ታክስ የለበትም፤ የእጅ ዋጋውም ከቁጥር አይገባም። ሁለት ባለ 10 ግራም ወሰደች። ደረሰኙን በስሟ ቆረጥኩላት።

«መውጫ ላይ አይዙኝም?»

«እዚህ የሚያስመዘግቡት ከ60,000 ድርሃም ሲበልጥ ነው። ያንቺ 21,000 ምናምን ነው። ችግር የለውም።»

እውነቴን ነበር። ከዱባይ ማንም ሳይጠይቃት ወጣች። ችግሩ እኔ ያወራሁት ስለ መውጫው በር መሆኑ ነው። እሷ ደግሞ ስለ ሁለቱም በር ሰማችው። 60,000 የሚባለው ደግሞ «ከዚህ በላይ ከያዝክ ተናገር» የሚል እንጂ ከቀረጥ ነፃ የሚያደርግ አይደለም። መግቢያው በር የራሱ ሕግ አለው።

በማግስቱ በዋትስአፕ ደወለች። ጉምሩኩ ጨዋ ሰው ነበር አለች። እጇ ላይ ያለውን አምባር አየ፣ ሐብሉን አየ፣ ደረሰኙን አነበበ፤ የራሷ መገልገያ ነው ብሎ አሳለፋት። ከዚያ እንደ ሲም ካርድ በፕላስቲክ የታሸጉትን ሁለት ጥፍጥፎች አነሳ።

«እህቴ፣ ይሄንን የት ነው የምታደርጊው?»

ምን ትበል? ጌጥ ይለበሳል። ጥፍጥፍ ግን አንገት ላይ አይንጠለጠልም፤ ዕቃ ነው። በስሟ የተቆረጠው ደረሰኝ የእሷ መሆኑን ያሳያል እንጂ ጌጥ አያደርገውም። ተመዝግቦ ተያዘ፤ ወረቀት ሰጧት። «አንቺ እኮ ችግር የለውም ብለሽኝ ነበር» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ለአለቃዬ ስነግረው ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል «ሻጭ ነሽ ወይስ ጉምሩክ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደ አገሩ ለሚመለስ ሰው ጥፍጥፍ ውሰድ አልልም። «የሚለበስ ውሰጂ፤ ጥፍጥፍ ካሰብሽ መጀመሪያ የምትገቢበትን አገር ጉምሩክ ጠይቂ» እላለሁ። ሁሉም አምባር ይገዛል፤ የእጅ ዋጋውንም ታክሱንም ይከፍላል። በወሩ መጨረሻ አለቃዬ ሽያጬን አይቶ አመሰገነኝ።