ጉግል «ተዘግቷል» ያለው የቧንቧ ሠራተኛ

ጥምቀት ሊደርስ 2 ሳምንት ያህል ቀርቶታል። ጎንደር ፒያሳ ያለችውን ቢሮዬን ልከፍት ስደርስ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጋሼ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ከ4 ወር በፊት ባለ 5 ገጽ ድረ ገጽ ሠርቼላቸው ነበር። የዚያን ቀን ሰላምታቸው አጠረብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያን ነገር ለማን ነው የሠራኸው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዘዞ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንዲት እናት የጋሼ የቆዩ ደንበኛ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የሻወር ቤት መስመር ፈነዳባቸው። የጋሼን ስልክ ከጠፋባቸው ቆይቷል። ስማቸውን ጉግል ላይ ጻፉት። ካርታው ላይ ስሙ ወጣ፤ ከሥሩ ግን «ተዘግቷል» ይላል። ቢሆንም ደወሉ። ቁጥሩ አይሠራም። በስም አልሆን ሲላቸው «ቧንቧ ሠራተኛ ጎንደር» ብለው ፈለጉ። የኔ ድረ ገጽ ድራሹም የለም። ሌላ ሰው ጠርተው አሠሩ። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ጋሼን አገኟቸውና «ሥራ አቆሙ እንዴ?» አሏቸው።

ጋሼን ያናደዳቸው የቀረው ገንዘብ አይደለም፤ ያቺ ጥያቄ ናት።

ቡና አዘዝኩላቸውና ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። መጀመሪያ ጉግል ድረ ገጹን ያውቀው እንደሆነ ማየት ነበረብኝ። ለዚህ `site:` ብሎ፣ ክፍተት ሳይተዉ የድረ ገጹን አድራሻ ቀጥሎ መፈለግ ይበቃል። አምስቱም ገጾች ወጡ። ስለዚህ ጉግል ያውቀናል። ችግሩ አወጣጣቸው ላይ ነው። አምስቱም በአንድ ስም ተሰልፈዋል፦ «መነሻ»፣ «መነሻ»፣ «መነሻ»...

ይሄ የኔው ጥፋት ነው። ድረ ገጹን የሠራሁት ከተዘጋጀ ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ የነበረውን ርዕስ ወደ አማርኛ መለስኩና በሁሉም ገጽ ላይ ረሳሁት። የገጽ ርዕስ ገጹ ውስጥ ስለማይታይ በቀላሉ ይዘነጋል። የሚታየው በማሰሻው ጫፍ ላይና በፍለጋ ውጤቱ ላይ ነው። ሰው የሚጫነው ሰማያዊ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ቀጥዬ አንድ ቀላል ሙከራ አደረግሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ከፍቼ በማሰሻው መፈለጊያ (`Ctrl+F`) «ቧንቧ» ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ።

ጋሼ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት። «ይኸውና! ይሄን የሚያህል ተጽፎ!»

እውነታቸውን ነው። ገጹ አናት ላይ «ቧንቧ፣ ሳኒተሪ፣ የውሃ ማሞቂያ» የሚል በሚያምር ፊደል አለ። ግን ጽሑፍ አይደለም፤ ሥዕል ነው። የአማርኛ ፊደሉ ቅርጽ ስላልጣመኝ በፎቶ ማስተካከያ ሠርቼ እንደ ፎቶ የለጠፍኩት ነው። ለዓይን ቃል ነው። ለፍለጋው ግን ፎቶ ነው፤ በውስጡ ያለውን ቃል እንደ ገጹ ጽሑፍ ቆጥሮ ያነበዋል ብሎ መመካት አይቻልም። በጽሑፍ የቀረው ነገር ይኸው ነበር፦

```html
<title>መነሻ</title>
<h1>እንኳን ደህና መጡ</h1>
```

አስቡት እስቲ። በእነዚህ ሁለት መስመሮች ገጹ የቧንቧ ሠራተኛ ይሁን የሠርግ አዳራሽ በምን ይታወቃል?

ከማስተካከሌ በፊት ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ሰው ሲደውልልዎ የመጀመሪያው ቃል ምንድን ነው?» ትንሽ አሰቡ። «ቧንቧ ፈሰሰብኝ ይላል። ሽንት ቤት ተዘጋ ይላል። ሮቶው አልሞላ አለ፣ ፓምፑ አይስብም ይላል። ኮንትራክተሮቹ ደግሞ ሳኒተሪ ትሠራለህ ወይ ይሉኛል።» ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። እኔ ድረ ገጹ ላይ ያሰፈርኩት ምን መሰላችሁ? «የተሟላ የውሃ መስመር መፍትሔ»። እንዲህ ብሎ የደወለላቸው ሰው የለም።

የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ሆነ፦

```html
<title>የቧንቧ ሠራተኛ በጎንደር፦ ሳኒተሪ ጥገና እና ገጠማ</title>
<meta name="description" content="ቧንቧ ፈሰሰ? ሽንት ቤት ተዘጋ? ጎንደር፣ አዘዞ እና ጠዳ ቤትዎ ድረስ እንመጣለን። ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይደውሉ።">
<h1>በጎንደር የቧንቧ እና የሳኒተሪ ሥራ</h1>
```

ሌሎቹ አራት ገጾችም የየራሳቸውን ርዕስ አገኙ። አንዱ የሚያፈስ ቧንቧ፣ አንዱ የተዘጋ ሽንት ቤትና ፍሳሽ፣ አንዱ የሮቶና ፓምፕ ገጠማ፣ አንዱ የውሃ ማሞቂያ። ርዕሱ ላይ ሥራውና ከተማው ይቀድማሉ፤ የድርጅቱ ስም ከገባም መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቱም ጉግል ረጅም ርዕስ ይቆርጣል። የሚቆርጠውም ፊደል ቆጥሮ ሳይሆን በስክሪኑ ስፋት ነው። የኛ ፊደል ደግሞ ሰፋ ያለ ነው። ለእንግሊዝኛ የሚነገረውን 60 ፊደል አምኖ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ጅራቱ ይቆረጥበታል።

ያን የሚያምረውን ሥዕል አነሳሁትና ቃሎቹን በጽሑፍ ተካኋቸው። በየገጹ ውስጥ ያሉትን ንዑስ ርዕሶችም `h2` አደረግኳቸው። ቀድሞ ፊደሉን አድምቄና አተልቄ ብቻ ነበር የተውኳቸው። የደመቀ ፊደል ለዓይን ርዕስ ይመስላል እንጂ ኮዱ ውስጥ ተራ አንቀጽ ነው።

መግለጫው፣ `description` የሚለው መስመር፣ ደረጃ ከፍ አያደርግም። ብዙ ሰው ያደርጋል ብሎ ቃል ይጠቀጥቅበታል። ሥራው ከሰማያዊው ርዕስ ሥር ያለችውን ሁለት መስመር መሙላት ነው፤ ያየ ሰው እንዲጫን። እሱንም ቢሆን ጉግል ለጥያቄው የተሻለ ዓረፍተ ነገር ገጹ ውስጥ ካገኘ የራሱን መርጦ ያወጣል። ርዕሱንም አንዳንዴ እንደዚያው ይቀይረዋል። ጋሼን የእህታቸው ልጅ «ቁልፍ ቃላት የሚባል መስመር አለ፣ እዚያ መቶ ቃል አስገባ» ብሎ አስተምሯቸው ነበር። ጉግል `keywords` የሚባለውን መስመር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. በይፋ ተናግሯል። ይሄን ስነግራቸው ደስ አላቸው። ልጁን አይወዱትም መሰለኝ።

ካርታው ላይ ያለውን መዝገብ የከፈተውም ይሄው ልጅ ነው፤ ከዓመታት በፊት፣ በራሱ ኢሜይል። አሁን ባሕር ዳር ነው። ደወልንለትና ጋሼን ባለቤት አድርጎ አስገባቸው። አዲስ የገባ ባለቤት 7 ቀን እስኪሞላው ሌላውን ማስወጣት ስለማይችል ልጁ አንድ ሳምንት አብሮን ከረመ።

መዝገቡን ስከፍት የ«ተዘግቷል» ምስጢር ተፈታ። ልጁ የሥራ ሰዓቱን ከ2 እስከ 12 ብሎ ሞልቶታል። በኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ጉግል ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ስለዚህ የጋሼ ሥራ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ ቀትር 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከቀትር በኋላ የፈለገ ሰው ሁሉ «ተዘግቷል» ሲያይ ኖሯል። ከ`8:00 AM` እስከ `6:00 PM` አልኩት። ካርታ ላይ የተመዘገበ ሥራ ያላችሁ ይቺን ብቻ አንዴ እዩልኝ።

ስልኩ ደግሞ ጋሼ ቀፎው ሲሰረቅባቸው የተዉት አሮጌ ቁጥር ነው። አድራሻው ከለቀቁት ሱቅ ላይ ተተክሏል። አሁን ሱቅ የላቸውም፤ ደንበኛ ቤት ሄደው ነው የሚሠሩት። እንዲህ ያለ ሥራ አድራሻውን ደብቆ የሚያገለግልበትን አካባቢ ብቻ ይሞላል። ጎንደርን፣ አዘዞንና ጠዳን ጻፍኩ። ዓይነቱን `Plumber` አደረግሁት።

«ባሕር ዳርንም ጨምር» አሉኝ።

«በመኪና ከ2 ሰዓት ብዙም እንዳይርቅ ይላል ጋሼ።»

«እሺ፣ ስሙን በጎንደር አንደኛ የቧንቧ ሠራተኛ በለው።»

እሱንም እምቢ አልኩ። እዚያ የሚገባው ሰው የሚያውቀው የድርጅቱ ትክክለኛ ስም ነው። ስም ላይ ቃል የሚደርት ሰው መዝገቡ ሊታገድበት ይችላል። ደግሞም ካርታው ላይ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወስነው ተዛማጅነት፣ ርቀትና ታዋቂነት ነው። ርቀቱን እኔ በምንም ኮድ አላሳጥረውም። አዘዞ ሆኖ ለሚፈልግ ሰው እዚያው አጠገቡ ያለ ባለሙያ ቢቀድም አይገርምም። ጋሼ ማድረግ የሚችሉት የሠሩላቸውን ሰዎች «እስቲ አስተያየት ጻፉልኝ» ማለት ነው። ላልሠሩለት ሰው አይደለም፤ በእውነት ለሠሩለት።

የድረ ገጹን አዲሶቹን ገጾች ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጉግል መሣሪያ በኩል እንደገና እንዲያይ ጉግልን ጠየቅኩ። ወዲያው አይቀየርም፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። እስከዚያ በየሰዓቱ እየፈለጉ እንዳይናደዱ ለመንኳቸው። አልሰሙኝም። በሳምንቱ ደወሉና «መነሻ መሆኑ ቀርቷል!» አሉኝ።

አድራሻውን ስንቀይር ጉግል ማረጋገጫ ቪዲዮ ጠይቆን ነበር። ሳይቋረጥ የተቀረጸ፣ ሠፈሩን፣ የሥራ ዕቃውንና ሥራው የእሳቸው መሆኑን የሚያሳይ። ግቢያቸው ሄድኩ። ከመንገዱ ጀመርኩ። የቧንቧ መፍቻውን፣ የተደረደሩትን ቧንቧዎች ቀረጽኩ። ጋሼ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ከፍተው እንደ ፎቶ ተነሺ ቀጥ ብለው ቆሙ። በመጨረሻ ስልኬን ወደ መኪናቸው አዞርኩ። በሩ ላይ የድርጅቱ ስም በትልቁ ተለጥፏል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ።

ቀረጻውን አቆምኩ። አሮጌው ቁጥር ነው።

«ጋሼ፣ ስልኩ ከተሰረቀብዎ ስንት ጊዜ ሆነው?»

መኪናውን አዩ። እኔን አዩ። «እሱንስ» አሉ፣ «ጉግል ያነበዋል እንዴ?»