እጅ የሚገባው

ዛሬ ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። አዲሱ መሥሪያ ቤት የላከልኝ የሶፍትዌር ባለሙያነት የቅጥር ደብዳቤ በወር 60,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ ይላል። ጭማሪ የምጠይቅበትን ትሑት ዐረፍተ ነገር ሳሳምር ሒሳቡ ውስጥ ገባሁና ትሕትናውን ረሳሁት።

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ከ60,000 ብሩ ላይ ግብሩ 18,950፣ የእኔ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደግሞ 4,200 ስለሚሆን እጄ የሚገባው 36,850 ብር ነው። ልጠይቅ ያሰብኩትን 10,000 ብር ቢጨምሩልኝ እንኳ የሚደርሰኝ 5,800 ብቻ ሲሆን፣ እነሱ ግን የራሳቸውን 11 በመቶ የጡረታ ድርሻ ጨምረው 11,100 ያወጣሉ። እኔ በግማሽ ለማገኘው ነገር እነሱን ሙሉ ዋጋ ማስከፈል ብልህነት አልመሰለኝም።

በአንጻሩ አሠሪ ለሠራተኛው ሕክምና የሚከፍለው ወጪ ከግብር ነፃ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን ከ70,000 ወደ 65,000 ብር አውርጄ የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምና ሽፋን ጨመርኩበት። የሰው ሀብት ኃላፊዋ በስልክ «ከስድስት ወር በኋላ ደረጃዎን እናሻሽላለን» ብለውኝ ነበር፤ ሴትየዋን አምናቸዋለሁ፣ ነገር ግን እሳቸው ሥራ ቢለቁ ቃላቸውም አብሯቸው ይሄዳል። ስለሆነም የግምገማው ወር፣ መመዘኛውና የሚገመግመኝ ሰው የሥራ መደብ በውሉ ውስጥ እንዲሰፍሩ ጠየቅሁ። ለእኔ ከደመወዙ ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አሮጌ ኮድ ሲጠግን የኖረ ሰው ያውቀዋል።

የሥራ መጀመሪያውን ቀን በተመለከተ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንድገባ ይፈልጋሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ግን ለአሁኑ አሠሪዬ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንድሰጥ ያዛል፤ ማስጠንቀቂያውንም አዲሱ ውል በሁለቱም ወገን ሳይፈረም አላስገባም። እዚያ ስገባ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ መኖሩ ሳያንስ፣ ያለ ፊርማ ከወጣሁ ከሁለቱም ልቀር እችላለሁ።

ደብዳቤዬ እንዲህ ይጀምራል፦ «ስለሰጡኝ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሥራውን ለመቀበል ፍላጎቱ አለኝ፤ ከመፈረሜ በፊት ግን በጥቂት ነጥቦች ላይ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።» ይህንን ለእትዬ ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ሁሉንም እምቢ ቢሉህስ፣ በ60,000ው ትገባለህ ወይስ ትተወዋለህ?» አለችኝ። የእነሱን ወጪ እስከ መቶ ብር ድረስ አስልቼላቸዋለሁ፤ እኔ ግን ከየትኛው ቁጥር በታች እንደማልወርድ እስካሁን አላውቅም።