አንዲት የመቀነስ ምልክት፦ ማትሪክሱ ዳያጎናል የሚሆነው ለየትኞቹ k ነው?

በሁለተኛ ዓመት የሊኒየር አልጀብራ ማጠቃለያ ፈተና ላይ ከቀረቡልን ጥያቄዎች ዛሬም በደንብ የማስታውሰው አንዱን ነው። «k ሪል ቁጥር ቢሆን፣ የሚከተለውን ማትሪክስ በሪል ቁጥሮች ውስጥ ዳያጎናል ማድረግ የሚቻለው ለየትኞቹ የ k ዋጋዎች ነው?» ይላል።

```
    | 2   1  -1 |
A = | 0   1   k |
    | 0   1   1 |
```

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ተማሪ እጁ የሚቸኩለው ረድፎችን ወደ ማቀናነስ ነው። A ራሱን በረድፍ ማቀናነስ ግን አይገን እሴቶቹን ይለውጣቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰላው ሁሉ የሌላ ማትሪክስ ጉዳይ ይሆናል። እኔ የጀመርኩት A − λI የሚለውን ጽፌ ዲተርሚናንቱን በመጀመሪያው ዓምድ በመዘርዘር ነው። ዓምዱ ከላይኛው ቁጥር በቀር ዜሮ ስለሆነ ሥራው በአንድ መስመር አለቀ፦

(2 − λ)·((1 − λ)² − k)

ይህን አባዝቼ አልበተንኩትም። ፈታኙ በብዜት መልክ የተከፋፈለ ነገር ሰጥቶን ሳለ ወደ ሦስተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል መበተን፣ ከዚያም መልሶ ለመፍታት መታገል ለራስ ሥራ መፍጠር ነው። አይገን እሴቶቹ እንደ ተቀመጡ ይነበባሉ፦ 2፣ 1 + √k እና 1 − √k። ድምራቸው 4 ነው፤ የማትሪክሱ ዋና ሰያፍ ላይ ያሉት 2፣ 1 እና 1 ሲደመሩም 4 ይሆናሉ። ይህች ማረጋገጫ የምትወስደው ጊዜ ኢምንት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የምልክት ስሕተትን ታጋልጣለች።

ከዚህ በኋላ k ከዜሮ ካነሰ ጉዳዩ ወዲያው ይዘጋል። √k ሪል ስላልሆነ በሪል ቁጥሮች ውስጥ የሚገኘው አይገን እሴት 2 ብቻ ነው፤ ዳያጎናል ማድረግም አይቻልም። ጥያቄው ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን ቢፈቅድ ኖሮ መልሱ የተለየ ይሆን ነበር። ስለዚህ «በሪል ቁጥሮች ውስጥ» የምትለዋን ሐረግ አስምሬባት ነበር።

k ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ሦስቱም እሴቶች ሪል ናቸው። እርስ በርስ የሚለያዩ ከሆነ ሌላ ስሌት አያስፈልግም፤ የተለያዩ አይገን እሴቶች ካሏቸው አይገን ቬክተሮች መካከል አንዱ ምንጊዜም ሌሎቹን በቁጥር አባዝቶ በመደመር ሊገኝ አይችልም፤ ሦስት ሲሆኑም ለሦስት በሦስት ማትሪክስ በቂ ናቸው። ስለዚህ የቀረው ጥያቄ እሴቶቹ መቼ ይገጣጠማሉ የሚለው ነው። ሁለቱ የስኩዌር ሩት እሴቶች የሚገጣጠሙት k = 0 ሲሆን ነው። ከ 2 ጋር የሚገጣጠሙበትን ለማግኘት ደግሞ (1 − λ)² − k = 0 በሚለው ውስጥ λ = 2 ብዬ ተካሁ፤ k = 1 ወጣ። ስለዚህ ሊመረመሩ የሚገባቸው ሁለት ዋጋዎች ብቻ ናቸው፦ 0 እና 1።

k = 0 ሲሆን የተደገመው እሴት 1 ነው። A − I ረድፎቹ (1, 1, −1)፣ (0, 0, 0) እና (0, 1, 0) ናቸው። ራንኩ 2 ነው፤ ከ 3 ላይ 2 ሲቀነስ 1 ይቀራል፤ ለሁለት ጊዜ ለተደገመ እሴት የተገኘው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አይበቃም፤ ስለዚህ k = 0 ይወድቃል።

k = 1 ሲሆን እሴቶቹ 2፣ 2 እና 0 ናቸው። «ተደግሟል፤ እንግዲያውስ አይቻልም» ብሎ መዝጋት የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው፤ ፈታኙም k = 1ን ያስገባው ለዚሁ ይመስለኛል። A − 2I ረድፎቹ (0, 1, −1)፣ (0, −1, 1) እና (0, 1, −1) ናቸው። ሦስቱም የአንዱ ብዜት ስለሆኑ ራንኩ 1 ነው፤ ሁለት አቅጣጫዎች ይቀራሉ፦ (1, 0, 0) እና (0, 1, 1)። ለ 0 የሚሆነው ቬክተር (−1, 1, −1) ነው። ሦስት ሞላ፤ እሴት ቢደገምም ማትሪክሱ ዳያጎናል ይሆናል። ወረቀቴ ላይ «k > 0» ብዬ ጻፍኩ።

ከፈተናው ስንወጣ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «አንተ k = 1ን አላወጣሃትም እንዴ?» አለኝ። እርሱ «k > 0 ሆኖ k ≠ 1» ብሎ ጽፏል። ደረጃ በደረጃ አወራን፤ ፖሊኖሚያላችን በፊደል እንኳ አይለያይም፤ እሴቶቹም እነዚያው ናቸው። የጥያቄ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ስንይዛቸው ልዩነቱ ታየ። መኮራረጅን ለመከላከል ፈተናው በሁለት ዓይነት ተዘጋጅቷል፤ የእርሱ ማትሪክስ የመጀመሪያ ረድፍ 2፣ 1፣ 1 ነው። መቀነሷ የለችም።

በእርሱ ማትሪክስ k = 1 ላይ የ A − 2I ረድፎች (0, 1, 1)፣ (0, −1, 1) እና (0, 1, −1) ይሆናሉ። ራንኩ 2 ነው፤ ለ 2 የሚገኘው አቅጣጫ አንድ ብቻ ነው። ሁለታችንም ትክክል ነበርን። ያቺ ምልክት በመጀመሪያው ዓምድ ስንዘረዝር በዜሮ እየተባዛች ስለምትጠፋ ፖሊኖሚያሉ ስለ እርሷ ምንም አይናገርም። ፖሊኖሚያሉ የሚጠቁመው የትኞቹን ዋጋዎች መመርመር እንዳለብን ነው፤ ፍርዱ ያለው ራንኩ ላይ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ግን ይህ ለምን እንደሚሆን በአንድ እይታ ለማየት ፈለግሁ። √k ን s ብዬ ለ 1 + s የሚሆነውን አይገን ቬክተር ለሁሉም k በአንድ ጊዜ ፈለግሁት። ሦስተኛውን ክፍል 1 ካደረግነው ከታችኛው ረድፍ ሁለተኛው s ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍል x በእኔ ማትሪክስ የሚገኘው ከዚህ ነው፦

(1 − s)x + s − 1 = 0

s = 1 ካልሆነ x = 1 ነው፤ s = 1 ሲሆን ደግሞ እኩልታው 0 = 0 ስለሚሆን x የፈለገውን ቢሆን አይጎዳም፤ 1ን መውሰድ ይቻላል። ለ 1 − s ተመሳሳይ ነገር ሲሠራ ሦስቱ ቬክተሮች (1, 0, 0)፣ (1, s, 1) እና (1, −s, 1) ሆነው ይወጣሉ። እነዚህን ዓምድ አድርገን የምንሠራው ማትሪክስ ዲተርሚናንት 2s ነው። ዜሮ የሚሆነው s = 0 ላይ ብቻ ነው፤ k = 1 ላይ ምንም የሚሰበር ነገር የለም። የፈተናውን መልስ በሁለተኛ መንገድ ያረጋገጥኩት በዚህ ነው።

በጓደኛዬ ማትሪክስ እኩልታው (1 − s)x + s + 1 = 0 ይሆናል፤ x ደግሞ (s + 1)/(s − 1) ነው። k ወደ 1 በቀረበ ቁጥር x ያለ ገደብ ያድጋል፤ k = 1.21 ሲሆን s = 1.1 ነውና x = 21 ይደርሳል። ቬክተሩ (21, 1.1, 1) ከ (1, 0, 0) ጋር አንድ አቅጣጫ ሊይዝ ጥቂት ቀርቶታል። k = 1 ላይ ሲደርስ እኩልታው 0 + 2 = 0 ስለሚል የሚገኝ x የለም፤ ሦስተኛው ቬክተርም የለም።