ጥቂቶቹ ሆሎች ለምን ይቆጠራሉ? ድሪፍትና ዲፊዩዥንን በአንድ ሒሳብ ያስረዳሁበት መንገድ

አዳማ ውስጥ የኤሌክትሪካል ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ሴሚኮንዳክተር ላይ ስንደርስ የማይቀር ጥያቄ አለ። "ኤን-ታይፕ ውስጥ ሆል እንዲህ ኢምንት ከሆነ ለምን እንለፋበታለን?" ሸጋ ጥያቄ ነው። ሆል ማለት ኤሌክትሮን የጎደለበት ቦታ ነው፤ እንደ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይንቀሳቀሳል። ኤን-ታይፕ ደግሞ ኤሌክትሮን የበዛበት ሴሚኮንዳክተር ነው። በቃል ከማስረዳት አንድ ሒሳብ ይዤላቸው ገባሁ።

መጀመሪያ ሁለቱን ከረንቶች ለየን። ድሪፍት የሚመጣው ከኤሌክትሪክ ፊልድ ነው። ፊልዱ ሆሉን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ኤሌክትሮኑን ወደ ተቃራኒው ይገፋል። ዲፊዩዥን ግን ገፊ የለውም። የመናኸሪያ በር አስቡ። በግራ 100 ሰው፣ በቀኝ 10 ሰው ያለ ዓላማ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከየወገኑ ግማሹ በሩን ቢያልፍ 50 ወደ ቀኝ፣ 5 ወደ ግራ ይሄዳል። ማንም ማንንም ሳይገፋ 45 ሰው ወደ ቀኝ ተሻገረ ማለት ነው። በሲሊኮን ውስጥ ይህን ግርግር የሚፈጥረው ሙቀት ነው።

ለሆል ሲጻፍ እንዲህ ነው፤ `q` ቻርጁ፣ `p` የሆሉ ብዛት፣ `μp` ሞቢሊቲው ማለትም ፊልድ ሲገፋው የሚፈጥንበት ልክ፣ `E` ፊልዱ፣ `Dp` የዲፊዩዥኑ ልክ፣ `dp/dx` ብዛቱ በርቀት የሚቀየርበት ቁልቁለት ነው፦

```
J_drift = q · p · μp · E
J_diff  = -q · Dp · dp/dx
```

እዚህ ላይ ቆም አልን። የላይኛው `p`ን ራሱን ይጠይቃል፤ ስንት ሆል አለ? የታችኛው የሚጠይቀው ቁልቁለቱን ብቻ ነው። ብዛቱ ግድ አይሰጠውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሲሊኮኑ በ300 ኬልቪን ላይ ነው፤ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10¹⁶ ፎስፎረስ ተጨምሮበታል። እያንዳንዱ ፎስፎረስ አንድ ኤሌክትሮን ስለሚለቅ የኤሌክትሮኑ ብዛት `n` 10¹⁶ ይሆናል። ሆሉን የሚሰጠን `n·p = ni²` ነው። `ni`ን፣ ማለትም ምንም ያልተጨመረበት ሲሊኮን ውስጥ ያለውን የኤሌክትሮን ብዛት፣ 10¹⁰ ብንወስድ `p` 10⁴ ብቻ ሆነ። ለአንድ ሆል አንድ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን!

በሴንቲሜትር 1 ቮልት ፊልድ አደረግን። የኤሌክትሮኑን ሞቢሊቲ 1200፣ የሆሉን 400 ወሰድን። (ብዙ ሰንጠረዥ ላይ ያለው 1350 ገደማ ዶፒንጉ በጣም ቀላል ለሆነ ሲሊኮን ነው፤ ዶፒንግ ሲጨምር ሞቢሊቲ ይወርዳል።) የኤሌክትሮኑ ድሪፍት በካሬ ሴንቲሜትር 1.92 አምፒር ወጣ። የሆሉ 6.4×10⁻¹³። እስከዚህ ድረስ ጠያቂዎቹ ልክ ናቸው፤ ሆሉን መርሳት ይቻላል።

ቀጥሎ የግራውን ጫፍ ብርሃን አበራንበት። እዚያ ሆሉ 10¹⁴ ደረሰ። ከ10 ማይክሮን በኋላ ሆሉን የሚውጥ የብረት ኮንታክት አለ፤ ስለዚህ ብዛቱ በቀጥታ መስመር ወርዶ ዜሮ ይገባል። ኤሌክትሮኑም በዚያው ልክ ጨምሯል፤ ግን በ10¹⁶ ላይ 10¹⁴ ቢጨመር 1 ከመቶ ነው።

ቁልቁለቱን ስናሰላ ማይክሮኑን ወደ ሴንቲሜትር መቀየር ግድ ነው። 10 ማይክሮን 10⁻³ ሴንቲሜትር ነው። `Dp` ደግሞ ከሞቢሊቲው ይገኛል፤ በሙቀቱ ቮልቴጅ፣ በ0.0259 ቮልት፣ ማባዛት ነው።

```
Dp     = 0.0259 × 400 ≈ 10.4 cm²/s
dp/dx  = -10¹⁴ / 10⁻³ = -10¹⁷ cm⁻⁴
J_diff = 1.6×10⁻¹⁹ × 10.4 × 10¹⁷ ≈ 0.166 A/cm²
```

የሆሉ ድሪፍት፣ ሆል በበዛበት በግራው ጫፍ እንኳ፣ 0.0064 አምፒር ብቻ ነው። ዲፊዩዥኑ 26 እጥፍ በለጠው። ከኤሌክትሮኑ 1.92 ጋር ሲተያይም 0.166 የሚናቅ አይደለም። አንድ መቶኛ ብቻ የሆነ ሕዝብ አንድ አስራ ሁለተኛ ያህል ከረንት ተሸከመ።

ያ 26 ከየት መጣ? እኔ በዚህ ሒሳብ በጣም የምወደው ይህን ነው። 1 ቮልት በሴንቲሜትር በ10 ማይክሮን ላይ ሲባዛ 1 ሚሊቮልት ይሆናል። በ300 ኬልቪን የሙቀቱ ቮልቴጅ ደግሞ 26 ሚሊቮልት ነው። 26 ለ1። ከዚያ ወዲህ ካልኩሌተር ከማንሳቴ በፊት በዚያ ርቀት ላይ ስንት ሚሊቮልት እንደወደቀ አያለሁ። ከ26 በጣም ካነሰ ጥቂቶቹን የሚያዘው ዲፊዩዥን ነው። ለብዙኃኑ ግን ይህ አይሠራም፤ የእነሱ ብዛት ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ፊልድም ብዙ ድሪፍት ይፈጥራል።

መስመሩ ቀጥ ያለ ነው ያልነው ግን በነጻ አይደለም። ሆሎች ከኤሌክትሮን ጋር ተገናኝተው የሚጠፉበት ጊዜ 1 ማይክሮሰከንድ ቢሆን፣ ከመጥፋታቸው በፊት በአማካይ 32 ማይክሮን ገደማ ይጓዛሉ። 10 ማይክሮን ከዚያ ስለሚያንስ አብዛኞቹ ኮንታክቱ ጋ ይደርሳሉ። ቁራጩ 200 ማይክሮን ቢሆን ኖሮ መስመሩ ጎብጦ በኤክስፖኔንሻል ይወርድ ነበር፤ ቁልቁለቱንም በየቦታው ለየብቻ ማስላት ይኖርብን ነበር። ፊልዱን ወደ 26 ቮልት በሴንቲሜትር ብናሳድገውም ድሪፍቱ ከዲፊዩዥኑ እኩል ስለሚሆን ቀጥታ መስመር መሳሉ አያዋጣም።