«ዶላር ጨምሯል» ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ እንዴት እንዳዋረደኝ

ድሬዳዋ ታይዋን አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ቬንትሌተር፣ ስታቢላይዘር፣ ኤሲ እሸጣለሁ። ዋጋ ከሰጠሁ በኋላ ምንዛሪ ተቀየረብኝና ለደንበኛዬ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ሊያስከስሰኝ ነበር። ሁለተኛው አዳነኝ። ያኔ አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ሁለተኛውን ብቻ እጽፍ ነበር።

ደንበኛዬ ሳቢያን ፔንሲዮን ያላቸው ሐጂ ናቸው። ለስድስት ክፍል ስድስት ኤሲ ፈለጉ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ፕሮፎርማ ሰጠኋቸው። አንዱ 52,000 ብር፣ ስድስቱ 312,000። ሁለቱ ሱቄ ውስጥ አሉ፤ አራቱን አዲስ አበባ ካለው አስመጪ አስመጣለሁ። ሐምሌ 17 ረቡዕ 60,000 ብር ከፈሉኝ። ደረሰኝ ጻፍኩላቸው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደ ወትሮው ነው።

ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ያን ቀን ገንዘቡን ለአስመጪው ማስተላለፍ ነበረብኝ። ግን ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ሐሙስ ወጥቼ ዓርብ ማታ ተመለስኩ። ቅዳሜ ደክሞኝ ተኛሁ። ሰኞ አስተላልፋለሁ አልኩ። ሰኞ ሐምሌ 22 ነበር። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ያለው ያን ዕለት ነው። በንግድ ባንክ 57 ብር ከ48 ሳንቲም አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ጠዋት 74 ብር ከ73 ሆነ። ለአስመጪው ስደውል ስልኩን አላነሳም። ከሰዓት በኋላ ራሱ ደወለ። «የድሮው ዋጋ የለም፣ 58 ሺህ ነው» አለኝ። የድሮው 48,000 ነበር።

ደነገጥኩ። የደነገጠ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የለበትም። እኔ ግን ሐምሌ 24 ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ፦

«በውጭ ምንዛሪ ለውጥ ምክንያት የኤሲው ዋጋ ለአንዱ 65,000 ብር መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን።»

ማህተም መታሁበት፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። አለቀ። ከባንክ ማስታወቂያ የተኮረጀ ነበር የሚመስለው። «እንገልጻለን» ስል ማን ማን ነን? ሱቁ ውስጥ እኔና አንድ ተላላኪ ልጅ ነን።

65,000 ከየት መጣ? አስመጪው የጨመረው 10,000 ነው። እኔ ደግሞ «ነገም ይጨምራል» ብዬ 3,000 ለጥንቃቄ ደረብኩ። ሱቄ ውስጥ ባሉት ሁለቱም ላይ ዋጋውን ቀየርኩ። እነዚያ ሁለቱ የተገዙት ከሁለት ወር በፊት ነው። ያኔ አላፈርኩም፤ አሁን ነው የማፍረው።

ሐጂ በማግስቱ መጡ። ከሰዓት በርጫቸውን ትተው መምጣታቸው ራሱ መልእክት ነበር። ፕሮፎርማዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጣታቸውን ከታች በኩል አሳረፉ። በትንሽ ፊደል «ይህ ዋጋ ለ15 ቀናት የጸና ነው» ይላል። ከሐምሌ 12 ጀምሮ ስንቆጥር ሐምሌ 27 ነው። ደብዳቤዬ የተጻፈው በ24። ያቺን መስመር ከሌላ ሰው ፕሮፎርማ ገልብጬ ነው የተጠቀምኩባት፤ አንድም ቀን አንብቤያት አላውቅም።

«አቦ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ። «አስራ አምስት ቀን ያልከው ለማን ነው?»

ቀጥለው ደረሰኙን አወጡ። «ቀብድ» ብዬ ጽፌያለሁ። የእህታቸው ልጅ ሕግ ያውቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ቀብድ የተቀበለ ቢተወው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ስለዚህ አልሸጥም ካልኩ 120,000 ብር መመለስ አለብኝ። በደረሰኙ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ብዬ ጽፌ ቢሆን ቢያንስ የምከራከርበት ነገር ይኖረኝ ነበር። ሁለት ቃል።

ሦስተኛው ነጥባቸው ግን ነው ያንገበገበኝ። «ዕቃው ድሮም በጥቁር ገበያ ዶላር ነው የመጣው። ታዲያ የባንኩ ቢጨምር አንተን ምን አገባህ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ዝም አልኩ። ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ተቆጣጣሪዎች መጡ። በየሱቁ እየገቡ የግዢ ደረሰኝ ይጠይቁ ነበር። የሁለቱን ኤሲ ደረሰኝ አይተው፣ የለጠፍኩትን አዲስ ዋጋ አይተው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ስለ ሁለቱ ልክ ናቸው። ግን አስመጪው 48,000 ያለውን በአንድ ቀን 58,000 ሲለኝ ማንም መጋዘኑን አላንኳኳም። «እሱ የኛ ክልል አይደለም» አሉኝ። «በድሮ የገዛኸውን በድሮ ሽጥ» የሚለው መመሪያም በኔ ሒሳብ ግማሽ እውነት ነው። ሁሉን በድሮ ዋጋ የሸጠ ባለሱቅ በሚቀጥለው ወር መደርደሪያውን በግማሽ ዕቃ ነው የሚሞላው። ይህን ለተቆጣጣሪው ብናገር ቅጣት ነው። ለሐጂ ግን መናገር እችል ነበር፤ እሳቸው ነጋዴ ናቸው።

ያን ሌሊት አስመጪው ጋር ደውዬ ሒሳቡን እንዲበትንልኝ ለመንኩት። ስንት ዓመት አብረን ሠርተናል፣ ነገረኝ። በግምት ነው፤ ግን ለኔ በቂ ነበር። ከ48,000 ውስጥ 29,000 የዕቃው ዋጋ ነው፤ ያ ሐጂ እንዳሉት ድሮም ከባንኩ በላይ በሆነ ዶላር የተሰላ ነው። 13,000 ቀረጥና ታክስ ነው። የቀረው 6,000 ማጓጓዣ፣ ትራንዚተርና የሱ ትርፍ ነው።

ነገሩ ያኔ በራልኝ። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በጥቁር ገበያ ሳይሆን በባንክ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ ባንኩ ከ57 ወደ 74 ሲወጣ የዕቃው 29,000 መነቃነቅ የለበትም። የሚነቃነቀው ቀረጡ ነው፤ 13,000 ወደ 16,900 ይሄዳል። ባንኩ መቶ ቢገባ ደግሞ (ወር ሳይሞላ ገባ) ወደ 22,600። የሐጂ ጥያቄ መልስ ይሄ ነው። የባንኩ ዶላር በቀረጥ በኩል ያገባኛል።

ግን ይሄው ሒሳብ አስመጪውንም አጋለጠው። «እነዚህ አራቱ መቼ ነው ከጉምሩክ የወጡት?» አልኩት። ሰኔ ላይ። «እና ቀረጣቸው በስንት ተከፈለ?» ዝም አለ። በ57 ነው የተከፈለው። የሚቀጥለውን ጭነት ቀረጥ በነዚህ ላይ እየሰበሰበ ነው። ብዙ ተከራከርን፤ እሱም የሚተካበት ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ ይገባኛል። 56,000 ላይ ቆመ። ከዚያ በታች አልወርድም አለ።

ሁለተኛውን ደብዳቤ በእጄ ጻፍኩት። «እንገልጻለን» የሚል ቃል የለበትም። ዋናው ይህ ነው፦

«ሐጂ፣ በሐምሌ 24 የላክሁልዎ ደብዳቤ ስህተት ነው፤ ይሰርዙት። ሱቄ ውስጥ ያሉት ሁለቱ በ52,000 የእርስዎ ናቸው። አራቱን አስመጪው ከ48,000 ወደ 56,000 አሳድጎብኛል፤ የሱን ፕሮፎርማ አያይዣለሁ። የጨመረው 8,000 ነው። ዋጋዬ እስከ 27 የጸና ነው ብዬ ስለጻፍኩ፣ ገንዘብዎንም በ17 ተቀብዬ ስላቆየሁት ግማሹን እኔ እችላለሁ። አራቱን በ56,000 ይውሰዱ። በነሱ ላይ ትርፍ የለኝም። ጠቅላላው 328,000 ነው፤ ከፕሮፎርማው በ16,000 ይበልጣል። ካልተስማማዎት ሁለቱን ብቻ ይውሰዱ፣ ወይም 60,000ዎን ዛሬውኑ እመልሳለሁ።»

ከሥር የቀረጡን ነገር በሦስት መስመር አስረዳሁ። እነዚህ አራቱ ቀረጣቸው በድሮው እንደተከፈለም አልደበቅኩም። ጓደኞቼ «ይህን እንዴት ትነግራቸዋለህ?» ብለውኛል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ደንበኛው ከሌላ ሰው ሰምቶ ከሚመጣ ካንተ ይስማው። ገንዘቡን ያዘገየሁት በቁልቢ ምክንያት መሆኑን ግን አልጻፍኩም። እሱን በአፌ ነገርኳቸው።

ደብዳቤውን በቴሌግራም አልላክሁም። ይዤ ፔንሲዮናቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። የአስመጪውን ፕሮፎርማ ገልብጠው ቀኑን አዩ። ከዚያ «የመጀመሪያው ላይ 78 ሺህ ጨምረህብኝ ነበር» አሉ። ደምረውታል። እኔ ራሴ ደምሬው አላውቅም ነበር።

«አዎ» አልኩ።

ከሥር «ተስማምቻለሁ» ብለው ፈረሙ። ቀሪውን 268,000 በማግስቱ አስገቡ። እኔም በዚያው ሰዓት ለአስመጪው አስተላለፍኩ፤ ባንኩ ውስጥ «ሲስተም የለም» ሲሉኝ እስኪመጣ ቆሜ ጠበቅሁ።

አሁን ፕሮፎርማዬ ላይ ሦስት ቀን ነው የምጽፈው። አንዳንዱ ደንበኛ ይቆጣል፤ ይቆጣ። ሱቅ ውስጥ ላለና ለሚመጣ ዕቃ ለየብቻ መስመር አደርጋለሁ። ዋጋው በብር ነው፤ ከጎኑ ግን ያን ቀን የባንኩ መሸጫ ስንት እንደነበር እጽፋለሁ፤ በኋላ ክርክር ሲመጣ ሁለታችንም የምናየው ቁጥር እንዲኖር። ትርፌን በመቶኛ አላሰላም፣ ቁርጥ ብር ነው። በመቶኛ ካሰላህ ዶላር በጨመረ ቁጥር ያንተም ትርፍ ያለ ሥራ ይጨምራል፤ ደንበኛው ደግሞ ይህን ያሸታል። «ቀብድ» የሚለውን ቃል ከደረሰኜ አውጥቻለሁ። የሂሳብ ሠራተኛ የሆነ ዘመዴ ለውጥ የለውም ይለኛል። እሱ ሐጂ ፊት አልቆመም።

ስድስቱ ኤሲዎች ተገጥመዋል። ባለፈው ሐጂ ለአንዱ ክፍል ስታቢላይዘር ሊገዙ መጡ። ዋጋውን ነገርኳቸው። ገንዘቡን እየቆጠሩ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄ ቀረጡ በስንት ነው የተከፈለው?»