የታጠቡት 5 ትሪዎች

እኔ በምመራው የኬክ ክፍል እንቁላል የሚመጣልን ሳይታጠብ ነበር። አንዳንዱ ላይ ላባ ይጣበቃል፤ አንዳንዱም የኩስ ነጠብጣብ አለበት። ዕቃ ቤታችን ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ስለሆነ ከነትሪው መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላውም ያልቃል። በዚህ አሠራር ለዓመታት ስንሠራ አንድም ቀን ተቸግረን አናውቅም።

ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው የተባለ ጊዜ፣ አዲስ የተቀጠረ ትጉህ ልጅ 5 ትሪ እንቁላል በባልዲ ውኃ ነክሮ አንድ በአንድ አጠበ። «እትዬ፣ እስቲ ይዩት፣ እንዴት እንደጠራ!» አለኝ። እኔም አመስግኜው እንቁላሉ ወደ ቦታው እንዲመለስ አደረግሁ።

በስድስተኛው ቀን ለኬክ ስሰብር የአንዱ ነጭ ክፍል አረንጓዴ ቀለም ጣል ጣል አድርጎበት አየሁ። ሽታውም ኮምጠጥ ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ለብቻው በስኒ እየሰበርሁ ተመለከትሁ። ከዚያው ትሪ ሌሎች 3 ተበላሽተው ተገኙ። ከእነርሱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ደህና የሚመስለው የቀረው ነው። ሳይታጠብ በቆየው አጠገቡ ባለው ትሪ ውስጥ አንድም የተበላሸ አልነበረም።

በምግብ ንጽሕና ረጅም ዘመን የሠሩ አንድ አዛውንት አማከርሁ። «ውኃው ሞቃት ነበር ወይስ ቀዝቃዛ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ከቧንቧ የተቀዳ ቀዝቃዛ ነው፣ ጋሼ» አልኋቸው። «እንግዲያው ልጁ ቆሻሻውን ከላይ አንሥቶ ወደ ውስጥ አስገብቶታል» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንቁላል ቅርፊት በሺዎች የሚቆጠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ዶሮዋ ስትጥለው በላዩ የሚደርቅ ስስ ሽፋን እነዚህን ቀዳዳዎች ይደፍናል። እጥበት ይህን ሽፋን ያነሣል ወይም ይጎዳል። በዚያ ላይ ውኃው ከእንቁላሉ የቀዘቀዘ ከሆነ በውስጡ ያለው ነገር ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም በቀዳዳዎቹ በኩል የባልዲውን ውኃ ከነባክቴሪያው ይስባል። ነጩን አረንጓዴ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች በአፈርና በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፤ አንድ የቆሸሸ እንቁላል የገባበት ባልዲ ለሁሉም ያዳርሳቸዋል።

ማጠብ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ አሠራር አለው እንጂ። በአሜሪካ ለገበያ የሚቀርብ እንቁላል በአብዛኛው ይታጠባል። ውኃው ቢያንስ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከእንቁላሉም በ11 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ መሆን አለበት። ከዚያ በፀረ ተሕዋስያን ተለቅልቆና ደርቆ ወደ 7 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይገባል፤ ሽፋኑን ስላጣ ከዚያ በኋላ ከቅዝቃዜ መለየት የለበትም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ግን አንደኛ ደረጃ እንቁላል በጥቅሉ አይታጠብም፤ ሽፋኑ እንዳለ ስለሚቆይ ማቀዝቀዣ ሳይገባ በመደብሮች ይደረደራል፤ ገዢው ግን ቤቱ ሲደርስ ፍሪጅ ውስጥ እንዲያስገባው ይመከራል። ሁለቱም አሠራር ከመነሻው እስከ መጨረሻው ከተጠበቀ ትክክል ነው። እኛ የአንዱን እጥበት ከሌላው መደርደሪያ ጋር ቀላቀልን፤ እጥበቱንም ቢሆን በትክክል አላደረግነውም።

«ያን ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ባስገባው ይተርፍ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አይተርፍም። አረንጓዴ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች በቅዝቃዜም ቀስ እያሉ ይራባሉ፤ ስለዚህ ብልሽቱ ይዘገይ ነበር እንጂ አይቀርም። ሰውን የሚያሳምመው ባክቴሪያ ሳልሞኔላ በአንጻሩ በደንብ በቀዘቀዘ ፍሪጅ ውስጥ እምብዛም አይራባም፤ ነገር ግን ሽታም ቀለምም አይለውጥም፤ አንዳንዴም ከዶሮዋ ጀምሮ በእንቁላሉ ውስጥ ይኖራል። በዓይንና በአፍንጫ መለየት ስለማይቻል የቀሩትን 4 ትሪዎችም ሙሉ በሙሉ ጣልሁ። ልጁ ከፋው፤ እኔ ግን ጥፋቱን የእርሱ ብቻ አላደረግሁትም፣ አይቼ ያመሰገንሁት እኔ ነኝና።

ዛሬ ነጠብጣብ ያለበትን በደረቅ ጨርቅ እንጠርጋለን፤ በጣም የቆሸሸውን አንቀበልም። ዕቃ ቤቱ በሚሞቅበት ወቅት ያልታጠበውንም ፍሪጅ ውስጥ እናስገባዋለን፤ ሙቀት ነጩን ቶሎ ያቀጥነዋልና። አንዴ ፍሪጅ የገባውን ግን ወደ መደርደሪያ አንመልስም። ቀዝቃዛ እንቁላል ሞቃት አየር ሲያገኝ ያልበዋል፤ ያ እርጥበት ደግሞ ልክ እንደ ባልዲው ውኃ ለባክቴሪያ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ጠዋት የምናወጣው በዚያው ሰዓት የምንሰብረውን ያህል ብቻ ነው፤ አሁንም እያንዳንዱን በስኒ እየሰበርን ወደ ሊጡ እንጨምራለን።