የትኛውን ሥራ ለኤክሴል እንስጥ?

ዛሬ ከሒሳብ ክፍል ባልደረቦቼ ጋር የሚደጋገሙ ሥራዎቻችንን በአንድ ሰንጠረዥ ዘረዘርን። በእያንዳንዱ አጠገብ በወር ስንት ጊዜ እንደሚሠራ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ እንዲሁም በቋሚ ደንብ የሚያልቅ ነው ወይስ የሰው ግምገማ ይጠይቃል የሚለውን ጻፍን። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ቢሆንም ስድስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ከሚፈጀው የጥቃቅን ወጪ ምዝገባ በልጦ ተገኘ።

ከማስታረቁ ግን ለኤክሴል የሰጠነው ቼኮችን በቁጥራቸውና በገንዘብ መጠናቸው ማዛመዱን ብቻ ነው፦

```
=COUNTIFS(Bank!B:B,B2,Bank!D:D,D2)
```

ውጤቱ 1 ከሆነ ቼኩ በባንኩ መግለጫ ላይ አለ፤ ከ1 ከበለጠ ድግግሞሽ መኖሩን ያሳያል። 0 ሲሆን ቼኩ ገና አልተመነዘረም ወይስ አሃዝ ተሳስቷል የሚለውን መርምሮ የሚለየው ሰው ነው፤ እኔም ይህ ክፍል በሰው እጅ እንዲቆይ አጥብቄ ተከራክሬያለሁ።

በቀን ማዛመድን የተውነው መዝገባችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. 30/02/2017 ተብሎ ሲገባ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደውና በሕዋሱ ግራ ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ይህ ቢያንስ በዓይን ይታያል። ይበልጥ የሚያሳስበው 28/02/2017 ነው፤ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 28 ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች እንዲገቡ ወስነናል።